ከግራፉ የሚነበበውና ከግራፉ የማይነበበው

ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ በይፋ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዕለት በኋላ የአገሪቱ ሕዝብ ቀድሞ የማያውቀውን አንድ ልማድ ለመደ፤ ይኸውም በየዕለቱ የጤና ሚኒስቴር የሚያወጣውን የቁጥር መግለጫ መጠበቅ ነው። መግለጫው አጭር ነበር። ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት የላቦራቶሪ ምርመራ እንደተደረገ፣ ቫይረሱ በስንት ሰዎች ላይ እንደተገኘ፣ ስንት ሰዎች እንዳገገሙና ስንቶች ሕይወታቸው እንዳለፈ ይዘረዝራል። ቁጥሮቹ እየተጠራቀሙ ሲሄዱ ወደ ግራፍ ተለወጡ፤ ግራፉም በስላይድ ላይ ሆኖ በየስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይታይ ጀመር።

ስላይዱን በዓይኑ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። የቀበሌ ተወካዩ ከአዳራሽ ወጥቶ ለጎረቤቶቹ ይናገራል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለአካባቢዋ እናቶች ታስረዳለች፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት በጀልባ የሚሻገር መንገደኛ የሰማውን ይዞ ይሄዳል። ግራፉ አዳራሽ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃውን የሚሻገረው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ተመርቶ ነው አንዱ ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ሌላው ለቅሶ ከመድረስ የሚቀረው፣ ሦስተኛው የታመመ አባቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ወይም «በሽታው እኮ ጠፍቷል» ብሎ ቤት የሚያስቀምጠው። ይህ ንግግር ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው።

በግራፍ ላይ አስቀድሞ መነበብ ያለበት ርእሱ ነው፤ የመስመሩ መውጣትና መውረድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ርእሱ ምን እንደተቆጠረ ይናገራል። «በ24 ሰዓታት ውስጥ በላቦራቶሪ ምርመራ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች» የሚል ርእስ ያለው ግራፍ፣ በዚያ ዕለት ስንት ሰዎች በበሽታው እንደተያዙ አይናገርም። አንድ ሰው ቫይረሱ ከገባበት በኋላ ምልክት እስኪታይበት ቀናት ያልፋሉ፤ ምልክት ከታየበት በኋላ ናሙና እስኪሰጥ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስና ውጤቱ እስኪወጣ ደግሞ ሌሎች ቀናት ይጨመራሉ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርመራው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይካሄድ በነበረበት ጊዜ፣ ከክልል የሚላክ ናሙና ረጅም መንገድ ነበረው። ስለዚህ የማክሰኞው ዓምድ የማክሰኞን ውጤት እንጂ የማክሰኞን ሕመም አያሳይም። በምርመራ ያልተደረሰባቸው ሰዎች ከነጭራሹ በግራፉ ውስጥ የሉም። ትክክለኛው አነጋገር እንግዲህ «በዕለቱ ይህን ያህል ሰው ተያዘ» የሚለው ሳይሆን «በዕለቱ በወጣው የምርመራ ውጤት ቫይረሱ በዚህን ያህል ሰው ላይ ተገኘ» የሚለው ነው። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ቃላት ቢሆንም፣ የመጀመሪያው አባባል ግራፉ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ አድርጎ ያቀርበዋል።

ቀጥሎ የሚታየው ግራፉ የዕለት ነው ወይስ የድምር የሚለው ነው። የድምር ግራፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተገኙትን ሁሉ እየደመረ ስለሚሄድ በምንም ዓይነት ሊወርድ አይችልም። አንድም አዲስ ሰው ባይገኝ እንኳ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ አይወርድም። በዚህ ግራፍ ላይ «አሁንም እየጨመረ ነው» ማለት ምንም ዜና የለውም፤ ሊነገር የሚገባው የጭማሪው ፍጥነት ነው። ከዚህም ሌላ ድምሩ ያገገሙትንም የሞቱትንም ስለሚጨምር፣ «ይህን ያህል ሰው ታሟል» በሚል የአሁን ጊዜ ቃል አይነገርም።

የነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሐምሌ 24 ቀን በመላ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ድምር ከ17 ሺ በላይ ነበር፤ ነሐሴ 25 ቀን ከ52 ሺ በላይ ሆነ። በአንድ ወር ውስጥ 35 ሺ ገደማ ሰዎች ተጨመሩ ማለት ነው። ይህ እንዴት ይነገር? «ድምሩ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ደረሰ» ቢባል ትክክል ነው። «በሦስት እጥፍ ጨመረ» ቢባል ግን አድማጩ በሁለት መንገድ ሊረዳው ይችላል፤ አንዱ ሦስት እጥፍ ሆነ ብሎ 52 ሺን ሲያስብ፣ ሌላው በቀድሞው ላይ ሦስት እጥፉ ተጨመረበት ብሎ ወደ 70 ሺ ይደርሳል። «ከ…ወደ…» የሚለው አነጋገር ይህን ጥርጣሬ ያስቀራል፤ መነሻውንና መድረሻውን በግልጽ ስለሚያስቀምጥ አድማጩ ራሱ ሊያመዛዝነው ይችላል።

በዚያው ወር ግን ሌላም ነገር ተለውጦ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ አገር አቀፍ የሆነ ማኅበረሰብ አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ተጀመረ። ቀድሞ በዕለት ከ10 ሺ በታች የነበረው የምርመራ ብዛት በዘመቻው ወቅት በአንዳንድ ቀናት 20 ሺ ገደማ ደረሰ። የተመርማሪዎቹም ማንነት ተለወጠ፤ ቀድሞ ትኩረቱ በተጠረጠሩና ከታማሚ ጋር በተገናኙ ሰዎች ላይ የነበረ ሲሆን፣ በዘመቻው ግን በየአካባቢው ያለው ነዋሪ በስፋት ተመረመረ። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ተናጋሪዎች ተነሡ። አንደኛው «በሽታው በአንድ ወር ሦስት እጥፍ ተስፋፋ» አለ። ሁለተኛው «ምንም አልተስፋፋም፤ ቁጥሩ የጨመረው ምርመራው ስለጨመረ ብቻ ነው» አለ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራፍ አይተው ነበር፤ ሁለቱም ግራፉ ላይ የሌለ ነገር ተናገሩ። የተገኙት ሰዎች ግራፍ ብቻውን በሁለቱ መካከል ሊፈርድ አይችልም። ምርመራው በጨመረ ቁጥር ብዙ ሰው መገኘቱ የሚጠበቅ ነው፤ ያ ማለት ግን በተመሳሳይ ጊዜ በሽታው አልጨመረም ማለት አይደለም። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ከግራፉ ሊነገር የሚችለው «በነሐሴ ወር ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ድምር ከ17 ሺ ወደ 52 ሺ ገደማ ከፍ ብሏል፤ በዚሁ ወር የዕለት ምርመራውም ከቀድሞው እጅግ ጨምሯል» የሚለው ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው «ስለ» የሚል ቃል አይገባም።

ስለ ግራፍ ቅርጽ ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ከማንም የተሻለ ምሳሌ በደጁ አለው። የጣና ሐይቅ የውሃ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ግድም፣ ውሃው ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እየወረደ ሄዶ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያርፋል። በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት እንደየዓመቱ ቢለያይም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ ከፍታ በግራፍ ሲሣል፣ ቀጥ ብሎ የቆመው መለኪያ ከ0 ቢጀምር መስመሩ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ሐይቁ ምንም የማይነቃነቅ ይመስላል። መለኪያው ከ1,785 ቢጀምር ግን ያው መስመር ተራራና ገደል ይሆናል። ውሃው አንድ ነው፤ የተለወጠው መለኪያው የሚጀምርበት ቦታ ብቻ ነው። ለታንኳ ቀዛፊና በሐይቁ ዳር ለሚያርስ ገበሬ አንድ ሜትር ተኩል ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ሁለተኛው ግራፍ በራሱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ግራፍ «ውሃው አሽቆለቆለ» ብሎ በዓይን ግምት ከመናገር ይልቅ፣ መለኪያውን አንብቦ «ከዚህ ሜትር ወደዚህ ሜትር ወረደ» ማለት ይገባል። የበሽታ ግራፍም እንዲሁ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው መለኪያ ከ0 ካልጀመረ፣ የአንዱ ዓምድ ቁመት የሌላው እጥፍ ሆኖ ስለታየ ብቻ ቁጥሩ እጥፍ ነው ማለት አይቻልም። «አሻቀበ»፣ «ተመነደገ»፣ «አሽቆለቆለ» የሚሉ ቃላት የዓምድን ቁመት ይገልጹ ይሆናል እንጂ ቁጥርን አይገልጹም፤ ከቁጥር ጋር ካልተነገሩ ባይነገሩ ይሻላል።

አሁን አንድ ስላይድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተዘጋጁ ናቸው፤ የየትኛውም ከተማ ወይም ወረዳ አይደሉም። ስላይዱ አራት ዓምዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ዓምድ የአንድ ሳምንት ነው። ርእሱ «በምርመራ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች፣ በሳምንት» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት 48፣ በሁለተኛው 75፣ በሦስተኛው 144፣ በአራተኛው 63 ሰዎች ተጽፈዋል። በየዓምዱ ሥር ደግሞ በትናንሽ ፊደል የተመረመሩት ሰዎች ብዛት አለ፤ በቅደም ተከተል 1,200፣ 1,500፣ 2,400 እና 900። የመጨረሻው ዓምድ ቀለም ከሌሎቹ ፈዘዝ ያለ ነው።

ይህን ስላይድ በሩቅ ሆኖ ያየ ተናጋሪ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ እንዲህ ይላል እንበል። «ደስ ይበላችሁ፤ ሕዝቡ ጭምብል ማድረግ በመጀመሩ ባለፈው ሳምንት በሽታው ከግማሽ በላይ ቀንሷል።» ከ144 ወደ 63 መውረድ በእርግጥ ከግማሽ በላይ መቀነስ ነው፤ የስሌቱ ስሕተት የለበትም። ዓረፍተ ነገሩ ግን በሦስት ቦታ ተሰብሯል።

የመጀመሪያው ስብራት «በሽታው» የሚለው ቃል ላይ ነው። የቀነሰው በምርመራ የተገኙት ሰዎች ብዛት ነው። የተመረመሩትም ከ2,400 ወደ 900 ቀንሰዋል፤ ብዙ ካልፈለጉ ብዙ አይገኝም። በዚህ ምክንያት ሌላ ስሌት ይፈለጋል፤ ከተመረመሩት ውስጥ ከመቶው ስንቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ የሚለው ነው። 48ን ለ1,200 አካፍሎ በ100 ማባዛት 4 በመቶን ይሰጣል። በተመሳሳይ መንገድ ሁለተኛው ሳምንት 5 በመቶ፣ ሦስተኛው 6 በመቶ፣ አራተኛው 7 በመቶ ይሆናል። የተገኙት ሰዎች ቁጥር በወረደበት ሳምንት ድርሻው ከፍ ብሏል። ያ ደግሞ «ደስ ይበላችሁ» የሚያሰኝ አይደለም። ድርሻውም ቢሆን በጥንቃቄ ይነገራል። ከ6 ወደ 7 በመቶ መውጣት የአንድ የመቶኛ ነጥብ ጭማሪ ነው፤ «በ1 በመቶ ጨመረ» ከተባለ ግን አድማጩ ከ6 ወደ 6 ነጥብ 06 ከፍ አለ ብሎ ሊረዳው ይችላል። እዚህም «ከ6 በመቶ ወደ 7 በመቶ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ስብራት ፈዘዝ ባለው ቀለም ውስጥ ተደብቋል። በስላይዱ ግርጌ፣ ከኋላ ወንበር በማይነበብ ትንሽ ጽሑፍ፣ «የአራተኛው ሳምንት መረጃ የሦስት ቀን ብቻ ነው» የሚል ማስታወሻ አለ። ይህ አንድ መስመር የነገሩን መልክ ይለውጠዋል። ሦስተኛው ሳምንት 144 ሰዎች በሰባት ቀን የተገኙበት ነው፤ በቀን በአማካይ ወደ 21 ይሆናል። አራተኛው ሳምንት ደግሞ 63 ሰዎች በሦስት ቀን የተገኙበት ነው፤ በቀን በአማካይ 21 ነው። ከግማሽ በላይ ቀነሰ የተባለው ነገር በቀን ሲታይ ባለበት ቆሟል። ምርመራውም በቀን ከ343 ወደ 300 ዝቅ ያለ ነው እንጂ በስላይዱ ላይ እንደሚመስለው ከግማሽ በላይ አልወደቀም። የወረርሽኝ ግራፍ የመጨረሻ ዓምድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሳምንቱ ስላላለቀ ወይም የላቦራቶሪ ውጤት ገና ስላልገባ አጥሮ ይታያል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ዓምድ ረዝሞ ይገኛል። ስለዚህ የመጨረሻው ዓምድ የቀኑ ብዛት ሳይረጋገጥ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። በበዓላት ሰሞንም ተመሳሳይ ነገር ሊያጋጥም ስለሚችል፣ በፋሲካ ወይም በጥምቀት ሳምንት ላይ ዝቅ ያለ ዓምድ ያየ ሰው አስቀድሞ የምርመራውን ብዛት ማየት አለበት።

ሦስተኛው ስብራት «ሕዝቡ ጭምብል ማድረግ በመጀመሩ» የሚለው ነው። ስላይዱ ላይ ጭምብል የሚል ቃል የለም። ማን አደረገ፣ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰው አደረገ የሚል ቁጥር የለም። ጭምብል ከትንፋሽ ጋር የሚወጣውን የጠብታ ስርጭት እንደሚቀንስ ከሌላ ጥናት የታወቀ ነው፤ በዚህ ስላይድ ግን አልተለካም። ተናጋሪው መልካም ምክር ለመምከር ብሎ ቁጥሩን ምስክር አድርጎ አቆመው፤ ቁጥሩ ግን ስለዚያ ጉዳይ የሚያውቀው የለም። ጉዳቱ የሚታየው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዓምዱ ተሟልቶ ወደ 150 ከፍ ቢል፣ ያው አድማጭ «እንግዲያው ጭምብሉ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ያለማስረጃ የተሰጠ ምክንያት ቁጥሩ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፤ ጥሩውንም ምክር ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ከዚያ ስላይድ በትክክል ሊነገር የሚችለው የሚከተለው ነው። «ባለፉት ሦስት ሙሉ ሳምንታት በምርመራ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ብዛት ከ48 ወደ 75፣ ከዚያም ወደ 144 ከፍ ብሏል። በዚሁ ጊዜ የተመረመሩት ሰዎች ከ1,200 ወደ 2,400 የጨመሩ ሲሆን፣ ከተመረመሩት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ድርሻ ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ ከፍ ብሏል። በተያዘው ሳምንት እስካሁን በሦስት ቀናት ውስጥ 900 ሰዎች ተመርምረው በ63ቱ ላይ ተገኝቷል፤ ሳምንቱ ገና አላለቀም።» ይህ አነጋገር ከመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ጭብጨባም አያስነሣ ይሆናል። ነገር ግን ደቅ ደሴት ደርሶ ሲነገር፣ ያልታየውን ስላይድ በእጅ ይዞ የመቅረብ ያህል ነው።

በአማርኛ ምክንያት የሚገባው «ስለ»፣ «በ…ምክንያት»፣ «ከ…የተነሣ» በሚሉት በግልጽ በሚታዩ ቃላት ብቻ አይደለም። በጓሮ በርም ይገባል። መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገድቦባቸው ነበር። «ከተማዋ ተዘግታ በሽታው ተገታ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ስለ» የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን «ተዘግታ» የሚለው ግሥ ሁለተኛውን ድርጊት በጀርባው አዝሎ ይዞት ይመጣል። አድማጩ የሚሰማው «በመዘጋቷ ተገታ» ተብሎ ነው። «ተከትሎ» የሚለው ቃልም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ «እገዳውን ተከትሎ ቁጥሩ ቀነሰ» ሲባል ጊዜን ብቻ የተናገረ ይመስላል፣ ነገር ግን ምክንያትን ሹክ ይላል። «በመሆኑም» እና «ይህም በመሆኑ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአነጋገር ማሳመሪያ ብቻ ገብተው ያልታሰበ ምክንያት ፈጥረው ይወጣሉ። በዚህ ቦታ ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ይሻላሉ፤ አንዱ ከመቼ እስከ መቼ እንቅስቃሴው እንደተገደበ፣ ሌላው በእነዚያ ቀናት ስንት ሰው ተመርምሮ ስንት እንደተገኘ ይናገራል። እገዳው ስርጭቱን ቀንሶት ሊሆን ይችላል፤ ሰዎች እንዳይገናኙ ማድረግ እንዲህ ያለ ውጤት እንዲኖረው ታስቦ የሚደረግ ነው። ነገር ግን ያ ጥያቄ እገዳ የተደረገባቸውን ከተሞች እገዳ ካልተደረገባቸው ጋር አነጻጽሮ፣ የምርመራውንም ብዛት ቆጥሮ ነው የሚመለሰው። የአንድ ከተማ አንድ መስመር አይበቃውም።

ምክንያት እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ጣና ራሱ አንድ ጊዜ አሳይቷል። በ1995 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት የሐይቁ ውሃ እጅግ ዝቅ ብሎ የመርከብ ጉዞ እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር። የከፍታውን ግራፍ ያየ ሰው መስመሩ መውረዱን ብቻ ነበር የሚያየው። አንዳንዱ በድርቅ አመካኘ፤ አንዳንዱ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በኩል ለኤሌክትሪክ ማመንጫ በተለቀቀው ውሃ አመካኘ። ጥያቄው ሊመረመር የቻለው ከከፍታው መዝገብ ሌላ የዝናብ መዝገብና ከግድቡ የተለቀቀው ውሃ መዝገብ ስለነበሩ ነው። ባለሙያዎች ሦስቱን መዛግብት አስተያይተው የዝናቡ ማነስም የውሃው መለቀቅም ድርሻ እንደነበራቸው አዩ። የከፍታው መስመር ብቻ ቢኖር ኖሮ እያንዳንዱ ተናጋሪ የየራሱን ምክንያት ይዞ በቀረ ነበር። የጤና መረጃም ከዚህ አይለይም፤ አንድ መስመር ጥያቄ ያስነሣል፣ መልሱ ግን በሌላ መዝገብ ውስጥ ነው።

ስለ ሞት በሚነገርበት ጊዜ ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ከባድ ይሆናል። የመጀመሪያው በኮሮና የተመዘገበ ሞት በኢትዮጵያ የተነገረው መጋቢት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በተከታዮቹ ወራት በዕለታዊው መግለጫ ከተቆጠሩት ሟቾች መካከል አንዳንዶቹ በሕክምና ላይ የነበሩ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሞቱ በኋላ በተደረገ የአስክሬን ምርመራ ቫይረሱ የተገኘባቸው ነበሩ። ለእነዚህ ለሁለተኞቹ የምርመራው ውጤት የሚናገረው ቫይረሱ በአካላቸው መገኘቱን ነው፤ የገደላቸው እርሱ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ግን ያ ውጤት ብቻውን አይናገርም። መግለጫው ይህን ለይቶ ሲያስቀምጥ፣ የሚያስተላልፈውም ሰው ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ «ይህን ያህል ሰው ኮሮና ገደለ» ከማለት ይልቅ «ቫይረሱ የተገኘባቸው ይህን ያህል ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ በአስክሬን ምርመራ የተለዩ ናቸው» ማለት። በሐዘን ቤት ይህ ልዩነት ተራ የቃላት ጉዳይ አይደለም። የሟች ቤተሰብ «ኮሮና ነው የገደለው» ተብሎ በመነገሩ ብቻ ጎረቤት ሊሸሸው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ልዩነቱን «እንግዲያው ኮሮና ማንንም አልገደለም» ለማለት የሚጠቀምበት ሰው አለ፤ ያም ከመግለጫው የማይወጣ ፈጠራ ነው። በሆስፒታል በጽኑ ሕክምና ላይ ሆነው ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች በዚያው መግለጫ ውስጥ አሉ።

የሞት ግራፍ ከተገኙት ሰዎች ግራፍ ዘግይቶ የሚሄድ መሆኑም መታወቅ አለበት። በጽኑ የሚታመም ሰው ከተመረመረ በኋላ በሕክምና ላይ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ዝናቡ በነሐሴ ሲበረታ ጣና ግን ከፍተኛው ቦታ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ እንደሆነ ሁሉ፣ የሞት መስመርም አዳዲስ የሚገኙት ሰዎች መቀነስ ከጀመሩ በኋላ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። በአንድ ስላይድ ላይ የተገኙት ሰዎች መስመር ሲወርድ የሞቱት መስመር ሲወጣ ያየ ሰው «በሽታው ገዳይነቱ ጨመረ» ብሎ ከመናገሩ በፊት፣ ሁለቱ መስመሮች ስለ አንድ ቀን ሰዎች እንደማይናገሩ ማስታወስ ይኖርበታል።

ከአድማጭ መካከል አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ ለምን ጨመረ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ የሚሆነው ግን ተናጋሪው የገመተው አይደለም፤ «ስላይዱ ምን ያህል እንደጨመረ ይናገራል፤ ለምን እንደጨመረ አይናገርም» የሚለው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ጥያቄውን ሊመልሱ የሚችሉ መዛግብት የትኞቹ እንደሆኑ መንገር ይቻላል፤ የምርመራው ብዛት፣ የተመረመሩት እነማን እንደነበሩ፣ ውጤቱ ከየትኞቹ ቀበሌዎች እንደመጣ። እነዚህ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛሉ፤ ጠያቂው ወደዚያ ይላካል። ስላይዱን ላቀረበው ባለሙያም ከአዳራሹ ከመውጣት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ጊዜ አይፈጅም፤ የመጨረሻው ዓምድ የስንት ቀን ነው? ስንት ሰው ተመርምሮ ነው? ቀኑ የሕመሙ ነው ወይስ የውጤቱ? መልሱ በወረቀት ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ፤ ከዚያ ቁጥሩ ብቻውን አይጓዝም።